የአሥራ ሁለተኛው ወር ወለድ

ብድር የወሰደ ሰው ከቅርንጫፉ ይዞት የሚወጣው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውሉ ነው፣ ሌላው በየወሩ ስንት እንደሚከፈል የሚያሳየው የመክፈያ ሰሌዳ። ውሉ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሰሌዳው ግን በስልክ ፎቶ ይነሣና በቴሌግራም ይላካል፤ ለባል፣ ለወንድም፣ ሒሳብ ለሚችል የእህት ልጅ። «እስቲ እየው፣ ትክክል ነው?» ይባላል። ተቀባዩም ቁጥሮቹን ይደምራል፤ ያገኘው ድምር ከወረቀቱ ግርጌ ካለው ጋር ሲገጥምለት «ትክክል ነው» ብሎ ይመልሳል።

ድምሩ መግጠሙ ግን ብዙም የሚያረጋግጠው ነገር የለም። ሰሌዳውን ያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ መደመር አይስትም። ተበዳሪውን የሚጎዳው ነገር የሚገኘው ከመደመሩ በፊት ነው፦ ወለዱ በየትኛው ገንዘብ ላይ ተሰላ? ሰሌዳው ላይ ያልሰፈረ ክፍያስ አለ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ለመመለስ የስልክ ማስሊያና ግማሽ ሰዓት ይበቃሉ።

ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አዳማ ውስጥ ልብስ ስፌት ያላት አንዲት ሴት ከአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም 120,000 ብር በ12 ወር ለመክፈል ትበደራለች። ውሉ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ እንደሆነና «በቀሪው ብድር ላይ» እንደሚታሰብ ይናገራል። የተሰጣት ሰሌዳ አምስት ዓምዶች አሉት፦ የመክፈያ ቀን፣ ዋና ብድር፣ ወለድ፣ የወሩ ክፍያ እና ቀሪ ብድር። ወረቀቱን እዚያው ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ፎቶ አነሣችውና አዲስ አበባ በሒሳብ ሥራ ለሚተዳደር የእህቷ ልጅ ላከችለት።

የልጁ የመጀመሪያ ሥራ ማስላት ሳይሆን ማንበብ ነው። ፎቶው የጣሪያውን መብራት አንጸባርቋል፤ አራተኛው ረድፍ ላይ ያለው ወለድ 1,800 ይሁን 1,300 አይለይም። የወረቀቱ የቀኝ ጠርዝም ተቆርጧል። በተጨማሪም ቴሌግራም በተራ መንገድ የተላከን ፎቶ መጠኑን ስለሚቀንሰው ደቃቅ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ፤ ይኸው ፎቶ እንደ ፋይል ቢላክ ግን ጥራቱ እንዳለ ይደርሳል። ልጁ በፋይል እንድትልክለት፣ ስልኩን ከወረቀቱ ቀጥ ብሎ ከላይ እንድትይዘውና አራቱም ማዕዘን እንዲታይ ጠየቃት። ርዕሱ፣ የወለዱ መጠን የተጻፈበት መስመርና የግርጌው ድምር ካልታዩ የሚመረመረው ግማሽ ሰነድ ብቻ ነው።

እንዲያም ሆኖ የሚደበዝዝ ቁጥር አይጠፋም። ያን ጊዜ በግምት መሙላት አያስፈልግም፤ ሰሌዳው ራሱ ይመልሳል። እያንዳንዱ ረድፍ በሁለት ሒሳቦች የታሰረ ነው። ዋናው ብድርና ወለዱ ሲደመሩ የወሩን ክፍያ ይሰጣሉ። ካለፈው ረድፍ ቀሪ ላይ የዚህ ወር ዋና ብድር ሲቀነስ ደግሞ አዲሱ ቀሪ ይገኛል። በአራተኛው ረድፍ ዋናው ብድር 10,000፣ የወሩ ክፍያ 11,800 ተብሎ በግልጽ ይነበባል፤ ስለዚህ የደበዘዘው ወለድ 1,800 እንጂ 1,300 ሊሆን አይችልም። ከላይ ባለው ረድፍ የቀረው 90,000 ነበር፤ 10,000 ሲቀነስ 80,000 ይሆናል፤ ወረቀቱም ይህንኑ ይላል።

ቁጥሮቹ ወደ ደብተር ወይም ወደ ኤክሴል ሲገለበጡ ሌላ ዓይነት ስሕተት ይመጣል። ሁለት አኃዞች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ 11,800 በችኮላ 18,100 ተብሎ ይጻፋል። በሒሳብ ሥራ የቆዩ ሰዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት አሮጌ ዘዴ አለ። ድምሩ አልገጥም ሲል ልዩነቱን ለ9 ያካፍሉታል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ምናልባት የሆነ ቦታ ሁለት አኃዞች ተገላብጠዋል ማለት ነው። በ18,100 እና በ11,800 መካከል ያለው ልዩነት 6,300 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 700 ይሆናል። ዘዴው ጥርጣሬ ይሰጣል እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ ቢሆንም ከአሥራ ሁለት ረድፍ ውስጥ ስሕተቱን ለሚፈልግ ሰው ጊዜ ያተርፍለታል።

ልጁ አሥራ ሁለቱንም ረድፍ ገለበጠ። ዋናው ብድር ሲደመር 120,000፣ ወለዱ 21,600፣ ጠቅላላ ክፍያው 141,600 ብር መጣ። የግርጌው ድምርም ይኸው ነው። በመጨረሻው ረድፍ ቀሪው ዜሮ ይሆናል። ሁሉም ነገር ገጠመ፤ ብዙ ሰው «ትክክል ነው» ብሎ ስልኩን የሚያስቀምጠው እዚህ ላይ ነው።

ልጁ ግን ደወለላት። «አክስቴ፣ ወረቀቱ እጅሽ ላይ አለ? የወለዱን ዓምድ ብቻ ከላይ ወደ ታች አንብቢልኝ።»

«አንድ ሺህ ስምንት መቶ፣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ፣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ… ኧረ እስከ ታች ያው ነው።»

«ታዲያ ብድሩ በየወሩ እየቀነሰ ወለዱ ለምን አልቀነሰም?»

የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ወር ሴትየዋ እጅ ያለው የተቋሙ ገንዘብ 120,000 ብር ነው። በዓመት 18 በመቶ ማለት በወር 1.5 በመቶ ነውና የመጀመሪያው ወር ወለድ 1,800 ብር ይሆናል፤ ሰሌዳው እዚህ ላይ እንከን የለውም። ወሩ ሲያልቅ 10,000 ብር መልሳለች። በሁለተኛው ወር ያለባት 110,000 ስለሆነ ወለዱ 1,650 መሆን ነበረበት፤ ሰሌዳው ግን 1,800 ይላል። በሦስተኛው ወር 1,500 መሆን ሲገባው አሁንም 1,800 ነው። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ይወርዳል።

አሥራ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነገሩ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። በዚያ ወር ሴትየዋ ላይ የቀረው ዕዳ 10,000 ብር ብቻ ነው። በ1.5 በመቶ ሲሰላ ወለዱ 150 ብር ነው። ሰሌዳው የጠየቃት 1,800 ብር ግን ከ10,000 ብር 18 በመቶ ነው፤ የዓመቱ ወለድ ሙሉ በሙሉ በአንድ ወር ተጠየቀ ማለት ነው። ሰሌዳ በእጁ የገባ ሰው አንድ ረድፍ ብቻ ለማየት ጊዜ ቢኖረው ማየት ያለበት የመጨረሻውን ነው። የመጀመሪያው ረድፍ በየትኛውም አሠራር ያው ስለሚሆን ምንም አይናገርም።

የባንክ ሰዎች ይህን አሠራር ፍላት ይሉታል። ወለዱ የሚታሰበው መጀመሪያ በተወሰደው ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው፤ ምን ያህሉ እንደተመለሰ አይታይም። ሌላኛው፣ በውሉ ላይ የሰፈረው፣ ዲክላይኒንግ የሚባለው ነው፤ ወለዱ የሚታሰበው በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ነው። ፍላት መሆኑ በግልጽ ተነግሮ ተበዳሪው አውቆ ከፈረመ የዋጋ ጉዳይ ነው። ውሉ አንዱን ብሎ ሰሌዳው ሌላውን ሲሠራ ግን የዋጋ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ ያኔ ሰነዶቹ እርስ በርስ ተጣልተዋል።

ልዩነቱ ስንት ነው? ለማስላት አሥራ ሁለት ጊዜ ማባዛት አያስፈልግም። በየወሩ እኩል 10,000 ብር ዋና ብድር የሚመለስ ከሆነ ወለዱ ከ1,800 ተነሥቶ በየወሩ 150 ብር እየቀነሰ 150 ላይ ያበቃል። ከ1 እስከ 12 ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 78 ናቸው፤ 78 በ150 ሲባዛ 11,700 ብር ይሰጣል። በውሉ መሠረት የዓመቱ ወለድ ይህ ነው። በሰሌዳው 21,600 ነው። ልዩነቱ 9,900 ብር ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። የወሩ ክፍያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ሲሆን ብዙ ሰው «ፍላት ነው» ብሎ ይደመድማል። እንዲህ አይደለም። በቀሪ ብድር ላይ የሚሰላ ወለድም የወር ክፍያው እኩል ሆኖ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ባንኮች ለቤትና ለመኪና ብድር ይህን በብዛት ይጠቀሙበታል። ክፍያው እኩል ቢሆንም ውስጡ ይለዋወጣል፤ መጀመሪያ ላይ ወለዱ ይበዛል፣ ወደ መጨረሻው ዋናው ብድር ይበዛል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነውን የወር ክፍያ ኤክሴል ወይም የጉግል ሠንጠረዥ በአንድ መስመር ያወጣዋል፦

```
=PMT(18%/12,12,-120000)
```

መልሱ 11,001.60 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር 1,800 ወለድ፣ 9,201.60 ዋና ብድር ይከፈላል። በሁለተኛው ወር ወለዱ 1,661.98 ይሆናል፤ በመጨረሻው ወር ወደ 163 ብር ይወርዳል። የዓመቱ ወለድ በድምሩ 12,019.20 ብር ነው። ከ11,700 የበለጠው ዋናው ብድር መጀመሪያ ላይ ዝግ ብሎ ስለሚመለስ ነው፤ ይህ ልዩነት ትክክለኛ ነው። መታየት ያለበት እንግዲህ የወለዱ ዓምድ ነው፤ የክፍያው ዓምድ ብቻውን አይበቃም። አንዳንድ ሰሌዳዎች የወለድ ዓምድ ጭራሽ የላቸውም፣ ቀንና ክፍያ ብቻ ነው ያላቸው። ያኔ በዚህ ቀመር የመጣውን ክፍያ ሰሌዳው ካለው ጋር ማነጻጸር ነው፤ 11,001 እና 11,800 በአንድ ውል ውስጥ አብረው ሊኖሩ አይችሉም።

ወለዱ ከተጣራ በኋላ ልጁ ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቀ፦ «አክስቴ፣ እጅሽ የገባው ብር ስንት ነው?»

120,000 አልነበረም። ብድሩ ሲለቀቅ 2 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ ማለትም 2,400 ብር፣ 1 በመቶ የሕይወት መድን፣ ማለትም 1,200 ብር፣ እና 5 በመቶ የግዴታ ቁጠባ፣ ማለትም 6,000 ብር ተቀንሶ ነበር። የወሰደችው 110,400 ብር ነው። ከሦስቱ አንዳቸውም ፎቶው ላይ የሉም፤ ሊኖሩም አይችሉም፣ ምክንያቱም የሰሌዳው የመጀመሪያ ረድፍ የሚጀምረው ገንዘቡ ከተለቀቀ ከአንድ ወር በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተቆረጠው በሌላ ወረቀት፣ ብዙ ጊዜ በደረሰኝ ወይም በሒሳብ ደብተሩ ላይ ነው ያለው። ሰሌዳውን ፎቶ አንሥቶ የሚልክ ሰው የብድር መልቀቂያውን ደረሰኝም አብሮ ቢልክ ግማሹ ጥያቄ ይመለሳል።

ሦስቱን በአንድ ዓይን ማየት ስሕተት ነው። የአገልግሎት ክፍያውና መድኑ የማይመለሱ ወጪዎች ናቸው፤ 3,600 ብር። ቁጠባው ግን የተበዳሪዋ ገንዘብ ነው፤ ዕዳው ሲያልቅ ይመለሳል። ስለዚህ የብድሩ ዋጋ ውስጥ 6,000 ብሩን መጨመር ተቋሙን ያለ አግባብ መክሰስ ይሆናል። ቢሆንም ቁጠባው ያለ ዋጋ አልተቀመጠም። በዚህ ሰሌዳ አሠራር ሴትየዋ እጇ ባልገባው 6,000 ብር ላይ በዓመቱ 1,080 ብር ወለድ ትከፍላለች። በቁጠባው ላይ ወለድ የሚታሰብላት ከሆነ ያ ከዚህ ላይ ይቀነሳል፤ የሚታሰብላት መሆኑንና ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይገባታል።

አሁን ሁሉም ቁጥሮች ጠረጴዛ ላይ አሉ። በሰሌዳው መሠረት የብድሩ ዋጋ 21,600 ወለድና 3,600 ክፍያ፣ በድምሩ 25,200 ብር ነው። በውሉ መሠረት ቢሆን 11,700 እና 3,600፣ በድምሩ 15,300 ይሆን ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ተበዳሪ የማይጠይቀው ነው፦ እውነተኛው የዓመት ወለድ ስንት በመቶ ነው? ተመልሶ የማይሰጠው 3,600 ሲቀነስ ሴትየዋ የተበደረችው 116,400 ብር ነው፤ በየወሩ 11,800 ለአሥራ ሁለት ወር ትመልሳለች።

```
=RATE(12,11800,-116400)*12
```

መልሱ 37.8 በመቶ ገደማ ነው። ክፍያዎቹ ባይኖሩና ፍላቱ ብቻውን ቢታይ 31.7 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሁለቱም ከ18 እጅግ የራቁ ናቸው። ሁለት ተቋማትን የሚያነጻጽር ሰው አንዱ 18 በመቶ ፍላት፣ ሌላው 24 በመቶ በቀሪ ብድር ላይ ቢሉት፣ ክፍያዎቹ ተመሳሳይ እስከሆኑ ድረስ የሚረክሰው ሁለተኛው ነው። በአሜሪካ ብድር የወሰዱ ኢትዮጵያውያን ይህን ዓይነቱን ቁጥር ያውቁታል፤ በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የብድር ግልጽነት ሕግ አበዳሪው ወለዱንና ግዴታ የሆኑ ክፍያዎችን አንድ ላይ አስልቶ የዓመቱን መቶኛ፣ በተጨማሪም የጠቅላላ ክፍያውን መጠን በውሉ ላይ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ኤፒአር የሚባለው ይኸው ቁጥር ነው።

በቀመሩ ውስጥ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክፍያው ከተለቀቀው ገንዘብ ላይ አስቀድሞ ከተቀነሰ ከወር ክፍያው ጋር ዳግም አይደመርም፤ ሁለት ጊዜ ከተቆጠረ ብድሩ ከሆነው በላይ ውድ መስሎ ይታያል። ክፍያው በየወሩ በሰሌዳው ላይ «የአገልግሎት» ተብሎ የሚታሰብ ከሆነ ግን በወር ክፍያው ውስጥ ይገባል። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ በየወሩ በብድሩ መቶኛ የሚቆረጥ ገንዘብ ለተበዳሪው ከወለድ አይለይም።

ልዩነት በታየ ቁጥር ግን ስሕተት አለ ማለት አይደለም። ባንኮች ወለድን በወር ሳይሆን በቀን ሊያስሉ ይችላሉ። 120,000 ብር በ18 በመቶ ለ30 ቀን፣ ዓመቱ 365 ቀን ተብሎ ሲታሰብ 1,775.34 ብር ይሆናል፤ ለ31 ቀን ደግሞ 1,834.52። ዓመቱን 360 ቀን አድርጎ የሚቆጥር ውል ካለ የ31 ቀኑ 1,860 ይሆናል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚከፈል ብድር ከሆነ ጳጉሜን ይጨምራል፤ ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 30 ያለው ጊዜ 35 ቀን ነው፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ደግሞ 36። ቀሪ ብድሩ 100,000 ከሆነ የመስከረሙ ወለድ ከ1,500 አካባቢ ወደ 1,726 ከፍ ይላል። ይህ ማታለል አይደለም። እንዲህ ያሉ ልዩነቶች የሚታወቁት በመልካቸው ነው፦ በጥቂት አሥር ብሮች፣ ቢበዛ በመቶዎች ይወጣሉ ይወርዳሉ እንጂ አጠቃላይ አካሄዱ ቁልቁል መሆኑ አይቀርም። ወለዱ ከላይ እስከ ታች ድርቅ ብሎ ከቀረ ግን የቀን አቆጣጠር ሊያስረዳው አይችልም።

ከወለድ ነፃ አገልግሎትም ለብቻው መታየት አለበት። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው ይሸጣል፤ ዋጋው ከመጀመሪያው ቀን የተቆረጠ ስለሆነ የትርፉ ዓምድ እኩል መሆኑ በራሱ የውል ጥሰት አያሳይም። እዚያ የሚጣራው ጠቅላላው የሽያጭ ዋጋ ከውሉ ጋር መግጠሙ ነው። የወለዱ መጠን ሊለወጥ እንደሚችል በውሉ የተጻፈበት ብድርም እንዲሁ ነው፤ ሰሌዳው የሚያሳየው የዛሬውን መጠን ብቻ ስለሆነ መጠኑ በተለወጠ ጊዜ አዲስ ሰሌዳ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልጁ ያገኘውን በአንድ ገጽ አሰፈረላት። በግራ ሰሌዳው ያለውን ወለድ፣ በቀኝ በቀሪ ብድር ላይ ሲሰላ የሚመጣውን ወለድ በየረድፉ ጻፈ፤ ከታች 21,600 እና 11,700። «የብድር ባለሙያዋን አትጣያት» አላት፤ «ይህን ወረቀትና ውሉን ጎን ለጎን አስቀምጪና፣ በቀሪው ብድር ላይ የሚለው የትኛው ረድፍ ላይ ነው ብለሽ ጠይቂያት። መልሷንም በጽሑፍ ተቀበያት።» አበጥሮ የቀረበ ሰንጠረዥ ለማንኛውም ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ከቅሬታ ይልቅ ለመልስ ይቀላል። ሰሌዳውን ያወጣው ሰው በሲስተሙ ውስጥ የተሳሳተ የብድር ዓይነት መርጦ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው በአንድ ቀን ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ተቋሙ የቅሬታ ክፍል አለው፤ ብሔራዊ ባንክም በ2020 እ.ኤ.አ. የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ጥበቃ የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል፤ በተቋሙ መልስ ያላገኘ ሰው ጉዳዩን ወደዚያ ሊወስድ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚቀለው ፊርማው ከመስፈሩ በፊት ነው። ብድር ልትወስዱ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ሰሌዳውን ከመፈረማችሁ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ ፎቶውን ከደረሰኙ ጋር ሒሳብ ለሚችል ሰው ላኩና የመጨረሻውን ረድፍ ወለድ በዚያ ወር ከቀረው ዕዳ ጋር አስተያዩት። በወር 1.5 በመቶ ከተባለ፣ በ10,000 ብር ዕዳ ላይ ከ150 ብር ብዙ የራቀ ቁጥር ካያችሁ ምክንያቱ በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ አትፈርሙ።